በቅንፍ ውስጥ ያለው ቁጥር

ከሻይ ዕረፍት በኋላ ያለው ሰዓት ለአቅራቢ ፈተና ነው። ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ባለ አንድ አዳራሽ፣ ከየወረዳው የመጡ የጤና ባለሙያዎች ወንበራቸውን ይዘዋል። ስላይዱ እንዲታይ መጋረጃው ተስቧል፤ ነፋሱ ገለጥ ባደረገው ቁጥር ግን የሐይቁ ብርሃን ግድግዳው ላይ ያርፍና ቁጥሮቹን ያደበዝዛቸዋል። ፊደሎቹ ደግሞ ቀድሞውንም ደቃቅ ናቸው። አንድ ሙሉ ጥናት በአንድ ሰንጠረዥ ታጭቆ ቀርቧል።

አቅራቢው የሌዘሩን ቀይ ነጥብ 0.51 ላይ አሳረፈ። «ዋናው መልእክት ይሄ ነው። መድኃኒቱ በተሰጠባቸው ቀበሌዎች የሕፃናት ሞት በግማሽ ቀንሷል። ፒ ቫልዩዋም ሲግኒፊካንት ናት» አለና ወደ ቀጣዩ ስላይድ አለፈ።

ከኋላ ረድፍ አንዲት የጤና መኮንን እጇን አነሳች። «ይቅርታ ዶክተር፣ እስኪ ወደ ኋላ ይመልሱልን። ቅንፍ ውስጥ ያለውን አልነገሩንም።»

እንዲህ ያለ ጥያቄ በስብሰባ ላይ እምብዛም አይሰማም። ሰንጠረዥ ሲቀርብ አብዛኞቻችን ዓይናችን በአንድ ቁጥር ላይ ያርፋል፤ ሌላው ሁሉ የምሁር ማስጌጫ ይመስለናል። በዚህ ስላይድ ላይ ግን የኋላ ኋላ ትክክል ሆኖ የተገኘው ነገር የተጻፈው በቅንፍ ውስጥ ነበር። ለምን እንደሆነ ለማየት ሰንጠረዡን ዓምድ በዓምድ ማንበብ ያስፈልጋል።

ጥናቱ የታወቀ ነው። መጠሪያው በእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃሉ ከሐይቁ ስም ጋር አንድ ነው፤ ጣና ይባላል። የተካሄደው ግን ሐይቁ ዳር ሳይሆን በምሥራቅ ጎጃም፣ በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ነው። ካርተር ማዕከልና በሳንፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፕሮክተር ፋውንዴሽን ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር የጀመሩት ለትራኮማ ነበር። ትራኮማ በአማራ ክልል ስንትና ስንት ሰው ዓይን ያጠፋ በሽታ ነው። አዚትሮማይሲን የተባለውን ጸረ ተሕዋስያን ለመላው ማኅበረሰብ ማደል አንዱ መከላከያ ስለሆነ፣ ጥያቄው በዓመት ስንት ጊዜ ይታደል የሚል ነበር። 48 ንዑስ ቀበሌዎች በዕጣ በአራት ቡድን ተከፈሉ፤ ለእያንዳንዱ ቡድን 12 ደረሰው። አንዱ ቡድን በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሌላው ሁለት ጊዜ መድኃኒቱን ወሰደ። በሦስተኛው በየሦስት ወሩ ለልጆች ብቻ ተሰጠ። አራተኛው አንድ ዓመት ጠብቆ እንዲወስድ ተደረገ፤ ማነጻጸሪያው እሱ ነው። መድኃኒቱ የሚገድለው የትራኮማን ተሕዋስ ብቻ አይደለም፤ የሳንባ ምችና የተቅማጥ መንስኤ የሆኑ ተሕዋስያንንም ይመታል። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ከግንቦት 2006 እስከ ግንቦት 2007 እ.ኤ.አ. ድረስ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ካሉ ልጆች ስንቱ እንደሞተም አሰሉ። ውጤቱ በ2009 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ወጣ። በአንድ ስላይድ ላይ ሲጠቃለል ይህን ይመስላል፦

```
Group    Clusters  N       Deaths/1000 PY (95% CI)  OR (95% CI)       P
Control  12        18,498  8.3 (5.3-13.1)           1                 -
Treated  36        47,906  4.1 (3.0-5.7)            0.51 (0.29-0.90)  0.02
```

የላይኛው ረድፍ ማነጻጸሪያው ነው። የታችኛው መድኃኒቱን የወሰዱት ሦስቱ ቡድኖች በአንድ ላይ ተደምረው ነው፤ 15,902፣ 17,288 እና 14,716 ሲደመሩ 47,906 ይሆናሉ።

ወጥመዱ የሚጀምረው ከዚሁ ነው። 47,906 ሰው ሲባል ትልቅ ጥናት ይመስላል። ነገር ግን ይህ ቁጥር አዋቂውንም ሕፃኑንም የያዘ የነዋሪ ቁጥር ነው፤ አጠገቡ ያለው የሞት መጠን ግን የተሰላው ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላሉ ልጆች ብቻ ነው። ሁለቱ ዓምዶች ጎን ለጎን ስለተቀመጡ አንዱ የሌላው አካፋይ ይመስላሉ፤ አይደሉም። የሟቾች ብዛት ደግሞ በስላይዱ ላይ ጭራሽ የለም። ለራሳችን ሻካራ ግምት እንሥራ፦ ከነዋሪው ሩቡ በዚያ ዕድሜ ክልል ነው ብንል፣ በማነጻጸሪያው ወደ 4,600 ልጆች ይኖራሉ ማለት ነው። በሺህ 8.3 ሲሞት ወደ 38 ሞት ይሆናል። በታከሙት በኩል ወደ 12,000 ልጆች፣ በሺህ 4.1 ሒሳብ ወደ 49 ሞት። ይህ የእኔ የወረቀት ላይ ስሌት እንጂ የጥናቱ ቁጥር አይደለም፤ የሚያሳየው ነገር ግን አያጠራጥርም። «በግማሽ ቀነሰ» የሚለው ትልቅ ዐረፍተ ነገር የቆመው በአሥር ሺዎች ላይ ሳይሆን መቶ በማይሞላ ሞት ላይ ሊሆን ይችላል። ስላይድ ላይ የሟች ቁጥር ካልተጻፈ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ቀጥሎ ያለው `Clusters` የሚለው ዓምድ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። ዕጣ የወጣው ለሰው ሳይሆን ለንዑስ ቀበሌ ነው። በአንድ ንዑስ ቀበሌ ያሉ ልጆች አንድ ምንጭ ይጠጣሉ፤ ኩፍኝ ሲገባ ለሁሉም ይገባል፤ ጤና ጣቢያው ለሁሉም እኩል ይርቃል። ስለዚህ ሞታቸው አንዱ ከሌላው ነጻ አይደለም። ከአንድ ድስት አሥር ጊዜ በማንኪያ የቀመሰ ሰው አሥር ድስት ቀመስኩ አይልም። የጥናቱ ጉልበት የሚለካው በ66,000 ሰው ሳይሆን ይበልጡን በ48ቱ ንዑስ ቀበሌዎች ነው፤ በማነጻጸሪያው በኩል ደግሞ 12 ብቻ ናቸው። ተንታኞቹ ይህን መሰባሰብ በሒሳቡ ውስጥ አስገብተውታል። እንዲህ ባለ ጥናት ላይ ይህ ሳይደረግ ቢቀር ቅንፉ ከእውነቱ ይልቅ ጠባብ ሆኖ ይወጣ ነበር፤ አንባቢም የማይገባውን እምነት ይጥልበታል። የክላስተር ጥናት ሰንጠረዥ ቀርቦ የክላስተሩ ቁጥር ካልተጻፈ፣ ከግርጌ ማስታወሻው ስሌቱ መሰባሰቡን ማካተት አለማካተቱን መፈለግ ይገባል።

አሁን ወደ ሞት መጠኑ። `8.3` የተባለው በመቶ አይደለም። በአዳራሹ ከጎኔ የነበረ ባለሙያ ማስታወሻው ላይ «8.3%» ብሎ ጻፈ፤ በዚህ አንድ ምልክት ሞቱን አሥር እጥፍ አደረገው። `1000 PY` ማለት አንድ ሺህ የሰው-ዓመት ነው። አንድ ልጅ ዓመቱን ሙሉ በክትትል ከቆየ አንድ የሰው-ዓመት ያዋጣል፤ በስድስተኛው ወር ቤተሰቡ አካባቢውን ከለቀቀ ግማሽ። የሁሉም ድርሻ ተደምሮ አካፋይ ይሆናል። ስለዚህ 8.3 ማለት መድኃኒቱ ባልተሰጠበት አካባቢ አንድ ሺህ ልጆች አንድ ዓመት ሙሉ ቢታዩ ስምንት ያህሉ ይሞታሉ ማለት ነው። በታከመው አካባቢ አራት ያህል።

በዚህ ዓምድ ቅንፍ ውስጥ ያሉት ሁለት ቁጥሮች 95 በመቶ የመተማመኛ ወሰን ይባላሉ። ጥናቱ 12 ንዑስ ቀበሌ አይቶ 8.3 አገኘ፤ ሌላ 12 በዕጣ ቢወጣ ኖሮ ቁጥሩ ሌላ ይሆን ነበር። ቅንፉ ከዚህ ዓይነቱ የዕጣ መዋዠቅ በኋላ ከውሂቡ ጋር የሚስማሙት እውነተኛ መጠኖች ከ5.3 እስከ 13.1 ሊደርሱ እንደሚችሉ ይናገራል። የታከሙት ቅንፍ ጠበብ ያለ ነው፤ ከ3.0 እስከ 5.7። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በዚያ በኩል 36 ንዑስ ቀበሌ አለ።

ቅንፉን ለሚያስተውል ሌላም ነገር አለ። 8.3 በ5.3 እና በ13.1 መካከል እኩል ላይ አልተቀመጠም፤ ወደ ታች ርቀቱ 3.0፣ ወደ ላይ 4.8 ነው። ስህተት አይደለም። እንዲህ ያሉ መጠኖች የሚሰሉት በማባዛት ነው፦ 8.3 ለ5.3 ሲካፈል 1.57፣ 13.1 ለ8.3 ሲካፈል 1.58። እኩል ናቸው። የኦድስ ሬሾውም እንደዚሁ ነው፤ 0.29ን በ0.90 አባዝተው ስኩዌር ሩቱን ቢያወጡ 0.51 ይመጣል። በስልክ ካልኩሌተር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ ስላይድ ሲገለበጥ የሚፈጠርን የቁጥር ስህተት ደግሞ ያጋልጣል። መሐለኛው ቁጥር ከሁለቱ ጫፎች ብዜት ካልወጣ፣ ወይ አንድ አኃዝ ተሳስቷል ወይ የተለየ የስሌት ዘዴ ተጠቅመዋል፤ በሁለቱም መንገድ ጥያቄ ያስነሳል።

የጤና መኮንኗ ሁለተኛ ጥያቄ እዚህ ላይ መጣ። «የሁለቱ ቡድን ቅንፎች እኮ ይደራረባሉ። አንዱ 5.7 ላይ ያልቃል፣ ሌላው ከ5.3 ይጀምራል። ታዲያ እንዴት ልዩነት አለ ይባላል?»

አዳራሹ ጸጥ አለ። በየሥልጠናው «ቅንፎቹ ከተነካኩ ልዩነት የለም» እየተባለ ስለሚነገር አብዛኛው ሰው በልቡ ከእሷ ጋር ነበር። አባባሉ ግን ልክ አይደለም። እያንዳንዱ ቅንፍ የሚናገረው ስለ ራሱ ቡድን ብቻ ነው። የታችኛው ቡድን እጅግ ከፍ ብሎ፣ የላይኛውም በዚያው ጊዜ እጅግ ዝቅ ብሎ መገኘቱ ሁለት ዕድለ ቢስነት በአንድ ጊዜ መድረሱ ነው፤ ይህ ደግሞ ከእያንዳንዱ ለብቻው ይልቅ እምብዛም የማይሆን ነገር ነው። ጥቂት መደራረብ ልዩነቱን አያፈርስም። ልዩነት አለ ወይ የሚለው የሚነበበው ሁለቱን የሚያነጻጽረው ዓምድ ላይ ነው፤ ማለትም `OR`። በዚያ ቅንፍ ውስጥ 1 አለ ወይስ የለም? ከ0.29 እስከ 0.90 ድረስ 1 የለም። 1 ማለት «ሁለቱ እኩል ናቸው» ስለሆነ፣ ከቅንፉ መውጣቱ ውሂቡ ከእኩልነት ጋር እንደማይስማማ ይናገራል። በተቃራኒው ግን እውነት ነው፤ ቅንፎቹ ጨርሰው ካልተነካኩ ልዩነቱ ሁልጊዜ ይታያል።

`OR` ራሱ ኦድስ ሬሾ ነው። ኦድስ የሞቱት ለተረፉት ሲካፈል ነው እንጂ ለጠቅላላው ሲካፈል አይደለም። በማነጻጸሪያው 8.3 ሞተው 991.7 ተርፈዋል እንበል፤ በታከሙት 4.1 ሞተው 995.9። የሁለቱ ኦድስ ሲነጻጸር 0.49 ይሆናል፤ የሞት መጠኑ በቀጥታ ቢካፈልም 0.49 ነው። ስላይዱ 0.51 ያለው በክላስተር ከተስተካከለ ሞዴል የወጣ ስለሆነ ነው። ሞት ብርቅ ሲሆን ኦድስ ሬሾና ተራው ንጽጽር ይቀራረባሉ፤ እዚህ ላይ 0.51ን «ግማሽ ያህል» ብሎ ማንበብ ችግር የለውም። ልብ ይባል፤ 0.51 ማለት 51 በመቶ ቀነሰ ማለት አይደለም፣ 49 በመቶ ነው።

ነገሩ ብርቅ ካልሆነ ግን ይበላሻል። የትራኮማ ኢንፌክሽን ከ40 በመቶ ልጆች ወደ 20 በመቶ ወረደ እንበል። ማንም ሰው በግማሽ ቀነሰ ይላል። በኦድስ ሲሰላ ግን 40 ለ60 እና 20 ለ80 ናቸው፤ ንጽጽሩ 0.375 ይወጣል። ሌዘር የያዘ ሰው «ከ62 በመቶ በላይ ቀነሰ» ቢል የሰንጠረዡን ቁጥር አልቀየረም፤ ቁጥሩን ግን በማይገባው ስም ጠራው። ሐይቁን ይዘው ባሉ ወረዳዎች የትራኮማ፣ የቢልሃርዚያ፣ የአንጀት ጥገኛ ትል ጥናቶች ሲቀርቡ ይህ ስህተት በየጊዜው ያጋጥማል፤ በሽታዎቹ ብርቅ አይደሉምና።

`P` ስሟ ከሥራዋ የሚበልጥ ዓምድ ናት። 0.02 ማለት መድኃኒቱ ሞት ላይ ምንም ባያደርግ ኖሮ፣ በዕጣ ብቻ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የሰፋ ልዩነት የሚገኘው ከመቶ ሁለት ጊዜ ያህል ነበር ማለት ነው። መድኃኒቱ የመሥራቱ ዕድል 98 በመቶ ነው ማለት አይደለም፤ ውጤቱ ትልቅ ነው ማለትም አይደለም። ቅንፉን ያነበበ ሰው 1 እንደሌለበት አይቷልና ፒዋ አዲስ የምትነግረው ጥቂት ነው። የስብሰባ ባህላችን ግን ገልብጦታል። «ሲግኒፊካንት ናት» ከተባለ ጭብጨባው ይቀጥላል፣ ቅንፉን የሚያነብ የለም።

እንግዲህ ዋናው ቅንፍ፦ ከ0.29 እስከ 0.90። በአማርኛ ሲነገር ይህ ጥናት መድኃኒቱ ሞትን ከ10 በመቶ እስከ 71 በመቶ ባለው ውስጥ በአንዱ መጠን ሳይቀንስ አይቀርም ይላል። «በግማሽ» የመሐሉ ግምት ነው። አንድ ጤና ቢሮ በጀት ሲይዝ 10 በመቶና 71 በመቶ ፈጽሞ የተለያዩ ዓለሞች ናቸው። ከዚህም ሌላ ሙከራው በዋናነት የተነደፈው ለዓይን ነበር፤ ማነጻጸሪያው ቡድን መድኃኒት የሚመስል ባዶ ሽሮፕ አልተሰጠውም፤ የሞቱትም ልጆች ጥቂት ነበሩ። በትንሽ ጥናት ላይ ውጤቱ ትልቅ ሆኖ ሲገኝ፣ ዕጣም አብሮ ረድቶት ሊሆን እንደሚችል መጠርጠር ተገቢ ነው። ዕጣው ሳይረዳው የቀረ ትንሽ ጥናት ፒዋ አትወርድለትም፤ መድረክ ላይም እምብዛም አይወጣም። በዚያው ጥናት ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያሉት ለብቻ ሲታዩ ኦድስ ሬሾው 0.35 ሆኗል፤ ቅንፉ ከ0.17 እስከ 0.74። አንዳንድ አቅራቢ ይህን ረድፍ መርጦ «በ65 በመቶ» ይላል። ውሂቡ በተከፋፈለ ቁጥር የሟቾቹ ቁጥር ያንሳል፣ ቅንፉ ይሰፋል፤ ከብዙ ረድፎች አንዱ አንጸባራቂ ሆኖ መገኘቱም አያስደንቅም።

ታሪኩ በግምት አልቀረም። የጎንቻው ውጤት ባስነሳው ጥያቄ መሠረት ሞርዶር የተባለ ግዙፍ ሙከራ በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ ተካሄደ፤ ውጤቱም በ2018 እ.ኤ.አ. በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ታተመ። ከ1,500 በላይ ማኅበረሰቦች፣ ከአንድ ወር እስከ 59 ወር ያሉ ወደ 190,000 ሕፃናት፣ በዓመት ሁለት ጊዜ መድኃኒት ወይም ባዶ ሽሮፕ። ሞት የቀነሰው በ13.5 በመቶ ነው፤ ቅንፉ ከ6.7 እስከ 19.8። ዕድሜውም አገሩም ስለሚለያይ ሁለቱን ጥናቶች አንድ ለአንድ ማስተያየት አይቻልም። ይሁንና 13.5 በመቶ በጎንቻው ቅንፍ ውስጥ፣ ከዳር በኩል ገብቶ ይገኛል። በ2009 እ.ኤ.አ. ስላይዱን ያየ ሰው «በግማሽ» የሚለውን ይዞ ከወጣ ሞርዶር ሲመጣ ጥናቱ ውሸት ነበር ይላል። ቅንፉን ይዞ የወጣ ሰው ግን አይደነግጥም።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ በሰንጠረዡ ውስጥ የሌለ፣ ከሁለት ዓምዶች ተቀንሶ የሚወጣ። 8.3 ሲቀነስ 4.1 በሺህ የሰው-ዓመት 4.2 ነው። የመሐሉን ግምት እንዳለ ብንወስደው እንኳ፣ አንድ ሞት ለማስቀረት 238 ያህል ልጆች ለአንድ ዓመት መታከም ነበረባቸው። ያው 49 በመቶ ቅነሳ ሞት በሺህ ሁለት በሆነበት ቦታ ቢገኝ ኖሮ ከ1,000 በላይ ልጆች ያስፈልጉ ነበር። ኦድስ ሬሾው አይለወጥም፤ የሚተርፉት ልጆች ቁጥር ግን ይለወጣል። በሞርዶር ደግሞ ቅነሳው ራሱ እንደየአገሩ ተለያይቷል፤ ሞት በበዛበት ኒጀር ቅነሳው 18.1 በመቶ ሲሆን በማላዊና በታንዛኒያ ለብቻቸው ሲታዩ ከዚያ ያነሰና ያልተረጋገጠ ነበር። በሌላ በኩል መድኃኒቱ በሰፊው በታደለ ቁጥር ተሕዋስያን እየተላመዱት ይሄዳሉ፤ ይህ ወጪ በማንኛውም የሞት ሰንጠረዥ ላይ ዓምድ የለውም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መድኃኒቱ ሞትን ለመከላከል ተብሎ ለሁሉም እንዲታደል አልመከረም። የፈቀደው በቅድመ ሁኔታ ነው፤ ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች፣ ከአንድ እስከ 11 ወር ላሉ ሕፃናት፣ ያውም በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ውስጥ ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ከ60፣ ወይም አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ከ80 በላይ በሆኑበት ቦታ። አካፋዩ እዚህ ላይ የተወለዱ ሕፃናት እንጂ የሰው-ዓመት ስላልሆነ፣ የጎንቻውን 8.3 ከዚህ 60 ወይም 80 አጠገብ ማስቀመጥ ስህተት ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት የአገሪቱ አማካይ 48 እና 67 ነበር፤ ሁለቱም ከወሰኑ በታች ናቸው።